ስልክ ቁጥር የዋይፋይ የይለፍ ቃል ሲሆን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት፣ ለመንገደኛ ምግብና አልጋ የሚያቀርቡ ቤቶች አሁን አሁን ዋይፋይም ያቀርባሉ። የይለፍ ቃሉም ብዙ ጊዜ የቤቱ ስልክ ቁጥር ይሆናል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስተናጋጁ በቃሉ ያውቀዋል፣ እንግዳው ሳይሳሳት ይጽፈዋል፣ ራውተሩም የሚጠይቀው ርዝመቱ ከስምንት እንዳያንስ ብቻ ስለሆነ አስር አኃዝ ያለውን ቁጥር ያለ ማንገራገር ይቀበላል። ይህን አንድ ልማድ ይዘን በዋይፋይ ጥበቃ ትውልዶች ውስጥ ብናሳልፈው፣ አሮጌው ምስጠራ ለምን እንደወደቀና አዲሱ ምን እንዳሻሻለ በግልጽ ይታያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሬዲዮ ጠባይ ነው። ራውተሩ የሚያሰራጨው ሞገድ በቤቱ ግድግዳ አይገታም፤ መንገዱን ተሻግሮ፣ ለምሳ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ላፕቶፕም ይደርሳል። ያ ሰው የሚያደርገው መስማት ብቻ ከሆነ ምንም ነገር ስለማያስተላልፍ መኖሩ በምንም መንገድ አይታወቅም። ስለዚህ የዋይፋይ ጥበቃ የሚመዘነው ሰሚውን በመከልከሉ አይደለም፤ ሰሚው ሁሉንም ሰምቶ ምን ይዞ ይሄዳል በሚለው ጥያቄ ነው።

በ1997 ከመጀመሪያው የዋይፋይ መመዘኛ ጋር አብሮ የወጣው ጥበቃ ዌፕ ይባላል። ዌፕ መልእክትን የሚሰውረው አር ሲ 4 በተባለ ስልት ነው። ስልቱ ከቁልፉ ተነስቶ ዘፈቀደ የሚመስል ረጅም የቢቶች ሰንሰለት ያመነጫል፤ ሰንሰለቱም ከመልእክቱ ቢቶች ጋር አንድ በአንድ እየተጣመረ መልእክቱን የማይነበብ ያደርገዋል። የዚህ ዓይነት ምስጠራ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ አንድ ሰንሰለት ሁለት ጊዜ ሊሠራበት አይገባም። በአንድ ሰንሰለት የተሰወሩ ሁለት መልእክቶችን የያዘ ሰው እርስ በርሳቸው ሲያጣምራቸው ሰንሰለቱ ይጠፋፋል፤ የሚቀረውም የሁለቱ መልእክቶች ልዩነት ብቻ ነው፤ የአንደኛውን ይዘት መገመት ከቻለ ሌላውን ያለ ቁልፍ ያነበዋል።

ዌፕ ይህን ሕግ ለመጠበቅ መልእክቱ ተቆራርጦ በሚላክበት በእያንዳንዱ ቁራጭ፣ በፓኬቱ፣ ላይ ከቁልፉ ፊት 24 ቢት ርዝመት ያለው መነሻ ቁጥር ይጨምራል፤ ቁጥሩም ተቀባዩ እንዲያውቀው ሳይሰወር በግልጽ ይላካል። በ24 ቢት 16,777,216 የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ። ይህ ብዙ ይመስላል እንጂ አይደለም። በሴኮንድ 11 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ የዚያን ዘመን ራውተር ባለ 1,500 ባይት ፓኬቶችን ያለማቋረጥ ቢልክ ቁጥሮቹ በአምስት ሰዓት ገደማ ያልቃሉ፤ በዘፈቀደ የሚመረጡ ከሆነ ደግሞ በአምስት ሺህ ፓኬት ውስጥ ቢያንስ አንዱ የመደገሙ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ይህ ሳያንስ በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ከመነሻ ቁጥሮቹ አንዳንዶቹ ስለ ቁልፉ ራሱ ፍንጭ እንደሚያወጡ አሳዩ። በ2007 በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴውን አሻሽለው ረጅሙን የዌፕ ቁልፍ እንኳ በ40,000 ፓኬት ብቻ፣ በግማሽ የመሳካት ዕድል፣ ማውጣት ቻሉ።

እዚህ ላይ ስልክ ቁጥር የሚመርጠው ሰው ጥፋተኛ አይደለም። እንዲያውም አስር አኃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ለአጭሩ የዌፕ ቁልፍ የሚያስፈልገውን ርዝመት ልክ ስለሚሞላ ያለ ምንም ማስተካከያ ይገባለታል። ዌፕ ግን የሚወድቀው ቁልፉን በመገመት ሳይሆን ከፓኬቶቹ በማስላት ስለሆነ፣ ስልክ ቁጥርም ሆነ ከቁማር ዳይ የወጣ ዘፈቀደ ቁጥር ዕጣቸው አንድ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ምንም የማይረዳበት ትውልድ ይህ ብቻ ነው።

በ2003 የመጣው የመጀመሪያው ደብሊው ፒ ኤ ጊዜያዊ መጠገኛ ነበር። ተሽጠው ያለቁ መሣሪያዎች በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ እንዲድኑ ሲባል አር ሲ 4ን ይዞ ቁልፉ በየፓኬቱ እንዲቀያየር የሚያደርግ ቲኪፕ የተባለ ሥርዓት ጨመረበት። ዛሬ ቲኪፕ በራውተር ምርጫ ውስጥ ቢገኝ መጥፋት አለበት፤ ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም።

በ2004 የመጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 ግን ሌላ ነገር ነው። አር ሲ 4ን ትቶ ኤ ኢ ኤስ የተባለውን ምስጠራ ያዘ፤ ይህ ምስጠራ እስከ ዛሬ ድረስ በተግባር አልተሰበረም። ታዲያ «ደብሊው ፒ ኤ 2 ተሰበረ» የሚባለው ምኑ ነው? ድካሙ ያለው መልእክቱ በሚሰወርበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ስልኩና ራውተሩ በሚተዋወቁበት ቅጽበት ነው።

ትውውቁ እንዲህ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ስልኩም ራውተሩም፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ የይለፍ ቃሉንና የኔትወርኩን ስም ወስደው አንድን ስሌት 4,096 ጊዜ እየደጋገሙ ባለ 256 ቢት ዋና ቁልፍ ያወጣሉ። ይህ ቁልፍ በአየር ላይ አይላክም። ቀጥሎ ራውተሩ አንድ ዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ስልኩም የራሱን ዘፈቀደ ቁጥር ይመርጥና ከዋናው ቁልፍ፣ ከሁለቱ ዘፈቀደ ቁጥሮችና ከሁለቱ መሣሪያዎች አድራሻ የዚያን ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ያሰላል። ከዚያም ቁጥሩን፣ በዚህ አዲስ ቁልፍ የተሠራ ማኅተም አክሎበት፣ ለራውተሩ ይልካል። ራውተሩ ያንኑ ስሌት በራሱ በኩል ሠርቶ ማኅተሙ ከገጠመ፣ ስልኩ የይለፍ ቃሉን እንደሚያውቅ ይረዳል። ሁለት መልእክቶች ተጨምረው ትውውቁ በአራት ያልቃል።

አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ያለውን ሰሚ እናስበው። የኔትወርኩን ስም ሰምቷል። ሁለቱ ዘፈቀደ ቁጥሮች በግልጽ ስለተላኩ እነሱንም ይዟል፤ የመሣሪያዎቹን አድራሻና ማኅተሙንም እንዲሁ። ከስሌቱ የጎደለው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ግምት ወስዶ ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሠራዋል፤ ያገኘው ማኅተም ከሰማው ጋር ከገጠመ ግምቱ ትክክል ነው፣ ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን ለማድረግ ራውተሩ አጠገብ መቆየት አያስፈልገውም። ጓጉንቸሩን ከበሩ ላይ ነቅሎ ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳያየው፣ ያለውን የቁልፍ ዘለላ ሁሉ አንድ በአንድ እንደሚሞክር ሌባ ነው፤ አውቶቡሱ ጣርማበርን ሲወጣ ትውውቁ ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጦ አብሮት ይጓዛል።

እንግዲህ ቁጥሩን እናስላ። በኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምርና ስምንት አኃዝ ይከተለዋል። ስምንት አኃዝ መቶ ሚሊዮን አማራጮች ይሰጣል፤ ሁለቱ መጀመሪያዎች ተደምረው ሁለት መቶ ሚሊዮን ይሆናል ማለት ነው። 4,096 ጊዜ የሚደጋገመው ስሌት የገባው ግምቱን ለማዘግየት ነው፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ተራ ላፕቶፕ በሴኮንድ አስር ሺህ ያህል ግምት ቢሞክር ሁሉንም የሀገሪቱን የሞባይል ቁጥሮች በአምስት ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ለጨዋታ የሚሸጥ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ግን በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሞክራል፤ በዚህ ፍጥነት ሥራው የሚፈጀው ከሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ አይበልጥም። ከዚህም በፊት፣ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው በቤቱ ታፔላ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው።

በተቃራኒው የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላትና አኃዞች ተቀላቅለው በዘፈቀደ የተመረጡበት ባለ 12 ፊደል ቃል በዚያው ካርድ 150,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያው ደብሊው ፒ ኤ 2፣ ያው ኤ ኢ ኤስ፤ የተለወጠው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ቃል ማን ያስታውሳል የሚል ካለ ትክክል ነው። መመዘኛው የግዕዝ ፊደልን ስለማይቀበል ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ጫፉ ላይ ዓመተ ምህረት ይጨምርና እንግዳ ቃል የፈጠረ ይመስለዋል። ይህ አያዋጣም። የከተማ፣ የሰው፣ የቅዱሳን ስምና የተለመደ ሰላምታ ተሰብስቦ ከሁሉም የአጻጻፍ መንገዶቹና ከመቶ ዓመታት ጋር ቢባዛ እንኳ ጥቂት ሚሊዮን ነው። የሚያዋጣው ቃላቱን ሰው ሳይሆን ዕጣ እንዲመርጣቸው ማድረግ ነው። ሁለት ሺህ የአማርኛ ቃላት ካሉበት ዝርዝር በዕጣ አራት ቃላት ቢወጡ ከላይ ያለው ካርድ ሁሉንም አማራጭ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጅበታል፤ አምስተኛ ቃል ሲጨመር ሥራው አንድ ሺህ ዓመት ይሆናል። «በቅሎ ምጣድ ሐሙስ ክዳን ጭስ»፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ትርጉም ባይኖረውም በቃል ይያዛል፤ ይህንኑ ምሳሌ ግን ማንም እንዳይጠቀምበት።

ሰሚው ትውውቁን ለመያዝ እንግዳ እስኪገባ መጠበቅ ካልፈለገ አንድ አቋራጭ አለው። በአሮጌው አሠራር ራውተሩ ለስልክ የሚልከው «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ትእዛዝ ማኅተም የለውም። ስለዚህ ማንም ሰው በራውተሩ ስም ይህን ትእዛዝ መላክ ይችላል፤ ስልኩ ያምነዋል፣ ይቋረጣል፣ ወዲያውም በራሱ ተመልሶ ይገናኛል፤ ሲገናኝም ትውውቁ እንደገና ይካሄዳል። ይህ ብቻ ነው ከውጭ ሊታይ የሚችለው ምልክት፤ መብራት ሳይጠፋና ሞገዱ ሳይዳከም በአንድ ጊዜ የሁሉም ሰው ስልክ ተቋርጦ መመለሱ። አስተማማኝ ምልክት ግን አይደለም፤ ርካሽ ራውተር በሙቀትና በጭነት ብዛት ይህንኑ ያደርጋል፤ ታግሶ የሚጠብቅ ሰሚ ደግሞ ጭራሽ ምልክት አይተውም። ትእዛዞቹን በማኅተም የሚጠብቅ ማሻሻያ በ2009 ወጥቶ ነበር፤ ግዴታ ስላልነበረ ግን ብዙ መሣሪያ ላይ ሳይበራ ኖረ።

ሆቴሉን ወይም ቡና ቤቱን ከሌባው ይልቅ የሚመለከተው ሌላ ድካም አለ፤ እኔ እንደማየው ከመገመቱም የባሰው ይህ ነው። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ የሚገመት ነገር የለም። ከላይ እንደተባለው የጊዜው ቁልፍ የሚሰላው ከዋናው ቁልፍና በግልጽ ከተላኩ ቁጥሮች ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ እንግዳ ጎኑ ያለውን እንግዳ ትውውቅ ከሰማ፣ የዚያን ሰው የጊዜ ቁልፍ አስልቶ በዋይፋዩ የሚያልፈውን ሁሉ ይገልጠዋል። ዛሬ የተቀረጸውንም የይለፍ ቃሉን በሚያውቅበት ቀን፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን፣ ሊከፍተው ይችላል። የባንክ መተግበሪያዎችና አብዛኞቹ ድረ ገጾች በውስጥ የራሳቸው ምስጠራ ስላላቸው የገንዘብ መረጃ በዚህ ብቻ አይገለጥም። የሚገለጠው ማን የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘና ያለ ምስጠራ የሚላከው ሁሉ ነው፤ የማተሚያ ማሽን፣ የርካሽ ካሜራ ምስል፣ የራውተሩ የራሱ መግቢያ ገጽ።

በ2018 የተዋወቀው ደብሊው ፒ ኤ 3 የነካው ይህንኑ ትውውቅ ነው። አዲሱ አሠራር ኤስ ኤ ኢ ይባላል። ስልኩና ራውተሩ የይለፍ ቃሉን በአንድ የሒሳብ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ወዳለ ነጥብ ይለውጡታል፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ብቻ የሚያውቁትን፣ በየትውውቁ አዲስ የሆነ ምስጢራዊ ቁጥር መርጠው ነጥቡን በእሱ ይሰውሩትና ውጤቱን ይለዋወጣሉ። ሁለቱም ከአንድ የይለፍ ቃል ከተነሱ አንድ ቁልፍ ላይ ይደርሳሉ፤ ካልሆነ አይገናኙም። ሰሚው የሚሰማው የተሰወሩትን ውጤቶች ብቻ ነው። አንድን ግምት ለማረጋገጥ የይለፍ ቃሉ አይበቃውም፤ ከሁለቱ ምስጢራዊ ቁጥሮች አንዱን ማወቅ አለበት፣ ያን ከውጤቱ ወደ ኋላ ማስላት ደግሞ በዛሬ ኮምፒውተር የማይሞከር ነው። ስለዚህ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም፤ ግምቱን መሞከር ያለበት እዚያው፣ ከራውተሩ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ሙከራም የሚፈትንለት አንድ ግምት ብቻ ነው።

ልዩነቱን በዚያው ስልክ ቁጥር እንየው። ራውተሩ በሴኮንድ አስር ሙከራ ያስተናግዳል ብንል፣ ሁለት መቶ ሚሊዮኑን ለመጨረስ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ 231 ቀን ይወስዳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሞካሪው ከሞገዱ ክልል መውጣት አይችልም። ሦስት ደቂቃ የነበረው ሥራ ወደ ሰባት ወር ተኩል ሄደ። የጎን እንግዳም ቁልፉን በመስማት ብቻ ማስላት አይችልም፤ ምክንያቱም የይለፍ ቃሉ ቢታወቅም ምስጢራዊዎቹ ቁጥሮች ከትውውቁ በኋላ ይጣላሉ፤ የትናንቱ ቅጂ ነገ አይከፈትም። የማቋረጫ ትእዛዞች ማኅተምም በደብሊው ፒ ኤ 3 ግዴታ ሆኗል።

ወሰኑ ግን መታወቅ አለበት። ታፔላው ላይ ያለው ቁጥር የይለፍ ቃሉ ከሆነ በመጀመሪያው ሙከራ ይገባል፤ ምንም ትውውቅ ከዚህ አያድንም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ደግሞ በቤቱ ስም ሐሰተኛ ራውተር አቁሞ እንግዶችን ወደ ራሱ መሳብ ይችላል፤ ስልኩ የሚያረጋግጠው ራውተሩ ቃሉን ማወቁን እንጂ የቤቱ መሆኑን አይደለምና። በ2019 ማቲ ቫንሆፍና ኢያል ሮነን የተባሉ ተመራማሪዎች የይለፍ ቃሉ ወደ ነጥብ ሲለወጥ የሚፈጀው ጊዜ ስለ ቃሉ ፍንጭ ሊያወጣ እንደሚችል አሳይተው፣ የመለወጫው ስልት ተሻሽሏል፤ ማሻሻያውን ያልተቀበለ ራውተር ግን ያው የድሮው ነው።

በተግባር ትልቁ ወጥመድ ቅይጡ አሠራር ነው። አሮጌ ስልክ ያላቸው እንግዶች እንዳይከለከሉ ሲባል ራውተሮች `WPA2-PSK/WPA3-SAE` የሚል ምርጫ አላቸው፤ በዚህ ምርጫ ሁለቱም ትውውቆች በአንድ የይለፍ ቃል ይሠራሉ። አንድ አሮጌ ስልክ በድሮው መንገድ ሲተዋወቅ ሰሚው ትውውቁን ይይዛል፣ ቤቱ ሄዶ ይገምታል፣ ያገኘው ቃል አዲሱንም በር ይከፍታል። ቅይጡን መጠቀም የግድ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ለደብሊው ፒ ኤ 2 በሚበቃ ጥንካሬ መመረጥ አለበት።

የትኛው ትውልድ ላይ እንዳሉ ለማወቅ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ጋር ተገናኝቶ ይህን ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል፦

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚወጡት መስመሮች `Authentication` የሚለው `WPA3-Personal` ወይም `WPA2-Personal` ይላል፤ `Cipher` የሚለው ደግሞ `CCMP` ከሆነ ምስጠራው ኤ ኢ ኤስ ነው። ከሁለቱ በአንዱ `WEP` ወይም `TKIP` ከታየ የራውተሩ ምርጫ ዛሬውኑ መለወጥ አለበት። ራውተሩ ደብሊው ፒ ኤ 3ን የማያውቅ ከሆነ `WPA2-PSK` ከ`AES` ጋር ብቻ ተመርጦ፣ በዕጣ የወጣ ረጅም የይለፍ ቃል ሲገባበት አሁንም በቂ ጥበቃ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ `WPS` የሚል ምርጫ ካለ መጥፋት አለበት። በስምንት አኃዝ ቁጥር ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ማቅለያ ነው፤ ራውተሩ ግን ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ የመጀመሪያዎቹን አራት ለብቻ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ የሚሞከረው ቢበዛ 11,000 ብቻ ነው። ይህ በ2011 የታወቀ ሲሆን፣ የቱንም ያህል ረጅም የይለፍ ቃል በጎን በር ያልፈዋል።

ለእንግዳ ማረፊያ ደግሞ የሚሻለው ሁለት ኔትወርክ መክፈት ነው። የእንግዳው፣ የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም፣ የሒሳብ ኮምፒውተሩና ካሜራው ካሉበት ተለይቶ፣ አብዛኞቹ ራውተሮች `Guest Network` በሚሉት ምርጫ ይከፈታል፤ የራውተሩ አቅም ከፈቀደ በቅይጡ አሠራር ይሁን። የቤቱ የራሱ ኔትወርክ ሌላ ስምና ሌላ ቃል ይኑረው፣ መሣሪያዎቹ ከቻሉ ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ይደረግ፣ ቃሉን የሚያውቅ ሠራተኛ ሥራ በለቀቀ ቁጥርም ይቀየር።